ቀብድ የተበላበት አክሲዮን

ቤት የሸጠ ሰው ቀብድን ያውቃል። ገዢው ቤቱን አይቶ ሲወደው «ለሌላ ሰው እንዳትሸጥብኝ» ብሎ ጥቂት ገንዘብ ያስይዛል፤ ሻጩም ቀሪው እስኪመጣለት ቤቱን ይዞ ይጠብቃል። ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ቀለጠ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሻጩም የተቀበለውን ቀብድ እጥፍ አድርጎ በመመለስ ከውሉ ሊወጣ ይችላል።

በአሜሪካ ገበያ አክሲዮን ያለው ሰውም አክሲዮኑን ይዞ እንዲህ ያለ ቀብድ በየወሩ መብላት ይችላል። ዘዴው «ከቨርድ ኮል» ይባላል። ነገር ግን ከቤቱ ቀብድ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ገዢው የከፈለው ገንዘብ ከአክሲዮኑ ዋጋ ላይ አይቀነስለትም፤ ቢገዛም ባይገዛም የሻጩ ነው። ሁለተኛ፣ ሻጩ እጥፍ መልሶ የመውጣት መብት የለውም። መውጣት ካሻው ውሉን ገበያው በዚያ ቀን በሚጠይቀው ዋጋ መልሶ መግዛት አለበት፤ ያ ዋጋ የተቀበለው አምስት እጥፍ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

«ኮል» የሚባለው ውል ለገዢው አንድን አክሲዮን በተቆረጠ ዋጋ፣ እስከተቆረጠ ቀን ድረስ የመግዛት መብት ይሰጣል። መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው ያለው ሻጩ ላይ ነው። ለዚህ መብት የሚከፈለው ገንዘብ ፕሪሚየም ይባላል። «ከቨርድ» የተባለው ደግሞ ሻጩ ቢጠየቅ የሚያስረክበው አክሲዮን በእጁ ስላለ ነው። አክሲዮኑ ሳይኖረው ኮል የሚሸጥ ሰው ዋጋው ሲንር ከገበያ ገዝቶ ማስረከብ ይኖርበታልና ኪሳራው ወሰን የለውም። እንዲህ ዓይነት ውሎች ደረጃ ወጥቶላቸው በአደባባይ መሸጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1973 ቺካጎ ውስጥ፣ በ16 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ነበር። ዛሬም አንድ መደበኛ ውል የሚሸፍነው 100 አክሲዮን ነው፤ 60 አክሲዮን ያለው ሰው በዚህ መንገድ አንድም ውል መሸጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአክሲዮንና በመንግሥት የዕዳ ሰነዶች የተጀመረ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለጊዜው የሚመለከተው በተለይ አሜሪካ ያሉትን አንባቢዎቻችንን ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ነርስ የአንድ ኩባንያ 100 አክሲዮን አላት እንበል። የዛሬ ዋጋው 50 ዶላር ነው፤ ንብረቷ በጠቅላላ 5,000 ዶላር መሆኑ ነው። ከ45 ቀን በኋላ የሚያበቃና የመግዣ ዋጋው 55 ዶላር የሆነ ኮል ገበያው ላይ በአክሲዮን 1.20 ዶላር እየተሸጠ ነው። ነርሷ የኦፕሽን ፈቃድ ባለው የብሮከር ሒሳቧ ገብታ Sell to Open የሚለውን ትመርጣለች፤ 120 ዶላር ሒሳቧ ውስጥ ይገባል። አክሲዮኑ የእሷ እንደሆነ ይቆያል፤ የትርፍ ድርሻ ከተከፈለም የምትቀበለው እሷ ናት። ውሉ ክፍት እስካለ ድረስ ግን አክሲዮኑ ታስሯልና ለብቻው አውጥታ ልትሸጠው አትችልም።

ከ45 ቀን በኋላ ዋጋው 51 ዶላር ቢሆን፣ ከገበያ በ51 የሚገኘውን ነገር በ55 የሚገዛ የለምና ውሉ ይሞታል። ነርሷ 120 ዶላሩም አክሲዮኑም አላት፤ ከፈለገች ለቀጣዩ ወር ሌላ ኮል ትሸጣለች። ዘዴውን የሚያስወድደው ይህ ነው፤ ነገሩ ሲደጋገም ደግሞ ደመወዝ መምሰል ይጀምራል።

ኩባንያውን ሌላ ትልቅ ድርጅት ሊገዛው ነው የሚል ዜና ተሰምቶ ዋጋው 70 ዶላር ቢደርስስ? ነርሷ አክሲዮኑን በ55 ታስረክባለች። 5,500 ዶላርና ቀድሞ የበላችው 120 ሲደመር 5,620 ዶላር ይሆናል። አልከሰረችም። ኮሉን ባትሸጥ ግን 7,000 ዶላር በእጇ ነበር። ያመለጣት 1,380 ዶላር የአሥራ አንድ ዙር ተኩል ፕሪሚየም ነው። በ45 ቀን አንድ ዙር ብትሸጥ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የለቀመችውን አንድ ዜና ወሰደው ማለት ነው። ፕሪሚየሙ ስጦታ አለመሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ገዢው 120 ዶላሩን የከፈለው እንዲህ ያለ ቀን ሊመጣ ስለሚችል ነው፤ እሷም የሸጠችው ያንን ቀን ነው።

ዋጋው ወደ 38 ዶላር ቢወርድስ? አክሲዮኑ 3,800 ዶላር ያወጣል፤ 120 ዶላሩ ተጨምሮ 3,920 ይሆናል። ባትሸጥ 1,200 ዶላር ትከስር ነበር፤ ሸጣ 1,080 ከሰረች። ውሉ ከ55 በላይ ያለውን ትርፍ ሙሉ በሙሉ ወስዶባት፣ ከ50 በታች ካለው ኪሳራ የተካፈላት 120 ዶላር ብቻ ነው። «ከቨርድ ኮል አክሲዮንህን ይጠብቅልሃል» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ይህችን ስሌት ያስታውሱ።

ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አክሲዮኑ 38 ላይ እያለ ነርሷ ቀጣዩን ወር መሸጥ ትፈልጋለች እንበል። የ55 ዶላሩ ኮል አሁን የሳንቲም ዋጋ እንኳ አያወጣም፤ ከ38 ተነስቶ በ45 ቀን 55 ይደርሳል ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ አይገኝም። የለመደችውን ያህል ለማግኘት የመግዣውን ዋጋ ዝቅ ማድረግ አለባት። የ40 ዶላሩ ኮል 1.40 ይከፍላልና ትሸጠዋለች፤ 140 ዶላር ገባ። በሚቀጥለው ወር ኩባንያው ጥሩ ሪፖርት ያወጣና አክሲዮኑ ወደ 50 ይመለሳል። አክሲዮኑ በ40 ይወሰድባታል። 4,000፣ 120 እና 140 ሲደመሩ 4,260 ዶላር ናቸው። ምንም ሳታደርግ የተቀመጠች ጎረቤቷ 5,000 ዶላሯ እንዳለ ነው። አክሲዮኑ ወደነበረበት ተመለሰ፤ ነርሷ ግን 740 ዶላር ጎድሎባታል። መውረዱን ሙሉ በሙሉ ተካፍላ፣ መመለሱን በ40 ዶላር አጥር አጥራዋለች። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሻጮች አክሲዮኑ ክፉኛ ሲወድቅ ለፕሪሚየም ብለው የመግዣውን ዋጋ አያሳድዱም፤ ገቢው ለጊዜው ቢቋረጥ ይመርጣሉ።

ይህ የአንድ ምሳሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቺካጎው ገበያ BXM በሚል ምልክት የሚታወቅ መለኪያ አለው፤ የኤስ ኤንድ ፒ 500 አክሲዮኖችን ይዞ በየወሩ ኮል የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚያገኝ ያሰላል። የገንዘብ ቀውስ በነበረበት እ.ኤ.አ. 2008 አክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ ተጨምሮ ወደ 37 በመቶ ሲወድቁ፣ ኮል ሻጩ ወደ 29 በመቶ ወደቀ። ገበያው በገነነበት 2013 ደግሞ አክሲዮኖቹ ወደ 32 በመቶ ሲያድጉ፣ ኮል ሻጩ ያገኘው ወደ 13 በመቶ ነበር። በክፉው ዓመት ጥቂት ተደገፈ፤ በደጉ ዓመት ከግማሽ በላይ አስረከበ።

ከስሌቱ ሌላ ሁለት የአሠራር ነገሮች ጀማሪውን ያስደነግጡታል። አንደኛው ጊዜ ነው። በአሜሪካ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ የተሸጠ ኮል ገዢ የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ የለበትም፤ በፈለገ ቀን አክሲዮኑን ሊጠይቅ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የትርፍ ድርሻ ሊከፈል ሲል ነው፤ ድርሻው የሚገባው ከተወሰነው ቀን በፊት አክሲዮኑን ለያዘ ሰው ስለሆነ። ምልክቱን ቀድሞ ማየት ይቻላል። አክሲዮኑ 58 ዶላር፣ የ55ቱ ኮል ደግሞ 3.10 ነው እንበል። ከ3.10 ውስጥ 3 ዶላሩ የዋጋው ልዩነት ነው፤ ለቀረው ጊዜ የሚከፈለው 10 ሳንቲም ብቻ ነው። ሊከፈል ያለው የትርፍ ድርሻ 50 ሳንቲም ከሆነ፣ ገዢው 10 ሳንቲሙን ትቶ 50ውን ቢወስድ ይሻለዋልና አክሲዮኑ ከዚያ ቀን በፊት እንደሚወሰድ መገመት ነው።

ሁለተኛው ግብር ነው። ውሉ ሳይጠየቅ ካበቃ፣ 120 ዶላሩ በአሜሪካ ግብር ሕግ እንደ አጭር ጊዜ ትርፍ ይታያል። አክሲዮኑ ከተወሰደ ደግሞ ፕሪሚየሙ ከሽያጩ ዋጋ ጋር ተደምሮ፣ ከተገዛበት ዋጋ በላይ ያለው ሁሉ ግብር ይጠየቅበታል። ከ20 ዓመት በፊት በ8 ዶላር የተገዛና ለልጆች ሊወረስ የታሰበ አክሲዮን ላይ ለ120 ዶላር ሲባል ኮል መሸጥ፣ ሳይታሰብ የ20 ዓመቱን ግብር መጥራት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ዘዴው ለማን ይሆናል? የመግዣውን ዋጋ ሲያይ «በዚህስ ብሸጠው ደስ ይለኛል» ለሚል ሰው። ነርሷ ድሮም 55 ሲደርስ ልትሸጠው አስባ ከነበረ፣ እየጠበቀች 120 ዶላር በላች፤ 70 ሲደርስ ብትቆጭም ከዕቅዷ አልወጣችም። አክሲዮኑ ከእጇ እንዲወጣ የማትፈልግ ከሆነ ግን ዋጋው ማሻቀብ ሲጀምር ትደነግጣለች። አክሲዮኑ 60 ሲገባ ያንኑ በ120 ዶላር የሸጠችውን ውል በ560 ዶላር መልሳ ልትገዛው ትችላለች፤ በአንድ ቀትር 440 ዶላር ይሄዳል። ቀብድ የሚበላው ሊሸጥ በተወሰነ ቤት ላይ ነው። የማይሸጥ ቤት ላይ ቀብድ የተቀበለ ሰው፣ ገዢው ገንዘቡን ይዞ በር ሲያንኳኳ ምን ብሎ እንደሚመልሰው ቀድሞ ያስብበት።