ከምርቃት በኋላ የሚዘጋው ኢሜይል

ሥራ ፍለጋ ላይ ያለች አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ እናስብ። ቀጣሪው ድርጅት የሠራቻቸውን ፕሮግራሞች ማየት ስለፈለገ ጊትሃብ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለውን ሥራዋን እንድታሳይ ጠየቃት። የራሷ ላፕቶፕ ስለተበላሸ ከጓደኛዋ ተውሳ ከፈተች፤ ፓስዎርዷንም ሳትሳሳት ጻፈች። ጊትሃብ ግን ኮምፒውተሩን ከዚህ በፊት ስለማያውቀው የማረጋገጫ ኮድ ወደ ኢሜይሏ ላከ። ያ ኢሜይል ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሳለች የሰጣት ነው፤ ከተመረቀች ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘግቷል። ፓስዎርዷን አልረሳችም፣ አካውንቷን የሰረቃትም የለም። ይሁንና በተማሪነት ዘመኗ የሠራችው ሁሉ የተቀመጠበት ገጽ አልከፈት አላት።

ዩኒቨርሲቲዎች የተመራቂዎችን ኢሜይል የሚዘጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ጎግል ለትምህርት ተቋማት ያለ ገደብ የፋይል ማስቀመጫ ቦታ በነጻ ይሰጥ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ይህ እንደሚቀር አስታወቀ፤ ከ2022 ጀምሮም ለአንድ ተቋም በነጻ የሚሰጠው ቦታ በጠቅላላ 100 ቴራባይት ሆነ። ማይክሮሶፍትም በ2024 ተመሳሳይ ገደብ አስቀመጠ። 100 ቴራባይት ብዙ ይመስላል፤ 20,000 ተጠቃሚ ላለው ዩኒቨርሲቲ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው 5 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ከዓመት ዓመት የሚከማቹ ምሩቃን አካውንታቸውን ይዘው ከቀጠሉ አዲስ ለሚገቡት የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ብዙ ተቋማት የምሩቃንን አካውንት መጀመሪያ ያግዱታል፣ ቀጥሎም ይሰርዙታል።

ብዙ ሰው ኢሜይሉ ሲዘጋ የሚያጣው የቆዩ መልእክቶችን ብቻ ይመስለዋል። ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሰው በኢሜይል አድራሻው ሌላ አገልግሎት ላይ ሲመዘገብ፣ የዚያ አገልግሎት ባለቤት መሆኑን የሚያስመሰክርለት አድራሻው ነው። ፓስዎርድ ቢጠፋ መቀየሪያው ሊንክ የሚላከው ወደዚያው ነው፤ በአዲስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሲገባ የማረጋገጫው ኮድም እንዲሁ። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ብዙ አገልግሎቶች አድራሻ ለመቀየር ሲጠየቁ እንኳ ኮዱን የሚልኩት ወደ አሮጌው አድራሻ መሆኑ ነው። የተዘጋውን አድራሻ ለመቀየር የተዘጋው አድራሻ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ‹Sign in with Google› የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ የተመዘገበ ሰው ችግር ነው። በዚህ መንገድ ሲመዘገብ ለአገልግሎቱ የሚሆን የራሱ ፓስዎርድ አላወጣም፤ በየጊዜው ማንነቱን የሚያረጋግጥለት የዩኒቨርሲቲው የጎግል አካውንት ነው። አካውንቱ የተሰረዘ ቀን በዚያ መንገድ የተከፈቱ የኮርስ፣ የዲዛይንና የሥራ ማመልከቻ ገጾች ሁሉ አብረው ይዘጋሉ።

መፍትሔው ኢሜይሉ እየሠራ ሳለ የሚወሰድ ነው፤ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የተመዘገቡባቸውን አገልግሎቶች መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ማስታወስ ብቻ አይበቃም፤ የመልእክት ሳጥኑ ውስጥ welcome፣ verify እና password የሚሉ ቃላትን ቢፈልጉ የተረሱትም ይወጣሉ። በየአገልግሎቱ የግል ኢሜይልን መጨመር፣ እሱን ዋና አድራሻ ማድረግ፣ በጎግል የተገባበት ከሆነም ፓስዎርድ ማውጣት ይከተላል። ከዚያ በሌላ ብራውዘር በአዲሱ አድራሻ ገብቶ መሞከር ነው። አሮጌው የሚነካው ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ከላይ ያየናት ምሩቅ በጊዜው ብታስብበት ኖሮ ሥራው ደቂቃዎች ብቻ ይፈጅባት ነበር። የጊትሃብ ማስተካከያ ውስጥ Emails የሚለውን ከፍታ የግል ጂሜይሏን ትጨምራለች፤ ወደ ጂሜይሏ የሚላክላትን ሊንክ ተጭና ታረጋግጣለች፤ ከዚያም Primary email address አድርጋ ትመርጠዋለች። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ጊትሃብ አንድን ሥራ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ሲጻፍ አብሮ በተመዘገበው ኢሜይል ነው። የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ ፈጽማ ብታጠፋው፣ በዚያ አድራሻ የሠራቻቸው ከስሟ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይቋረጣል። ስለዚህ አድራሻው ይቆይ፤ ነገር ግን Backup email address በሚለው ሥር Only allow primary email የሚለውን ትምረጥ። እንዲህ ካደረገች ዩኒቨርሲቲው አድራሻውን አንድ ቀን ለሌላ ተማሪ ቢሰጠው እንኳ ያ ተማሪ የእሷን ፓስዎርድ መቀየር አይችልም።

የፋይሎች ጉዳይ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። የመመረቂያ ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ጎግል ድራይቭ ላይ ከሆነ፣ ለራስ የግል ጂሜይል ‹ሼር› ማድረግ አያድነውም። የፋይሉ ባለቤት አሁንም የዩኒቨርሲቲው አካውንት ስለሆነ እሱ ሲሰረዝ ፋይሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። takeout.google.com/transfer የተባለው ገጽ ግን ዩኒቨርሲቲው ካልከለከለው ኢሜይሉንና የድራይቭ ፋይሎችን ወደ ግል ጂሜይል ይገለብጣል። ሥራው እስከ አንድ ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ለመጨረሻው ቀን የሚተው አይደለም። የግል ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት መሆኑንም አስቀድሞ ማየት ይገባል። አማካሪው ወይም የቡድን አባል የፈጠራቸውን ፋይሎች በራስ ስም ለየብቻ ኮፒ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት ሌላም አለ። አንድ ተማሪ የዊንዶውስ ላፕቶፑን በዩኒቨርሲቲው የማይክሮሶፍት አካውንት ከከፈተው፣ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ባለ 48 አኃዝ መክፈቻ ቁጥሩን እዚያው አካውንት ውስጥ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ከወራት በኋላ ኮምፒውተሩ ተጠግኖ ሲነሳ ያንን ቁጥር ቢጠይቅና አካውንቱ ከሌለ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደተቆለፈ ይቀራል። ቁጥሩን አስቀድሞ አትሞ ወይም ጽፎ ማስቀመጥ ከዚህ ያድናል።

አካውንቱ ከተዘጋስ? ተስፋ የሚኖረው ፈጥኖ ለተንቀሳቀሰ ነው። የተሰረዘ አካውንትን የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ በጎግል በኩል በ20 ቀን፣ በማይክሮሶፍት በኩል በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ አይሲቲ ክፍል ነው። የሚቀርበው ጥያቄም ልክ ያለው ይሁን፤ ለሁልጊዜ ሳይሆን አድራሻዎችን ለመቀየር ለጥቂት ቀናት ይከፈትልኝ ማለት ከፈቃድ ጋር ለመገናኘት ይቀላል። ከዚያ ጎን ለጎን አሮጌ ስልክና ታብሌት መፈተሽ ያስፈልጋል፤ አገልግሎቱ አንዱ ላይ ‹ሎግ አውት› ሳይደረግ ቀርቶ ከሆነ ከዚያው ሆኖ አዲስ አድራሻ መጨመር ይቻል ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስልክ ማጽዳት ወይም መሸጥ የመጨረሻውን በር መዝጋት ነው።

በአገራችን አንድ ተመራቂ ግቢውን ከመልቀቁ በፊት ክሊራንስ ይጨርሳል፤ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከመኝታ ክፍልና ከሌሎችም ክፍሎች ፊርማ ያሰባስባል። ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው ወረቀት ላይ የተማሪው ኢሜይል የሚዘጋበትን ቀን የሚገልጽ አንድ መስመር ቢጨምሩ ወጪ የለውም። ያ እስኪሆን ድረስ ተመራቂው ክሊራንስ በጀመረ ዕለት አይሲቲ ክፍል ሄዶ ቀኑን ይጠይቅ፤ አገልግሎቶቹንም በዚያው ሳምንት ወደ ግል ኢሜይሉ ያዛውር።