ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሔ፦ ስካን የተደረገ የጥገና ገጽን ወደ ሰንጠረዥ መቀየር

በቤንዚን የሚሠራ የመስኖ ፓምፕ ሞተሩ እየዞረ ውሃ አልወጣ ሲል፣ መላው ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር በመጣው ማኑዋል የመጨረሻ ገጾች ላይ ይገኛል። ማኑዋሉ በስካን ብቻ ከተያዘ ግን ኮምፒውተር ገጹን እንደ ሥዕል ስለሚቆጥረው ቃል አስገብቶ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ገጹን ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፉን ደግሞ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሔ ወደሚል ሰንጠረዥ መቀየር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ደረጃ ቀላል ነው። ገጹ ሳይጣመም፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ስካን ይደረጋል። ከዚያ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ፊደሎቹን ያነባል። ለእንግሊዝኛ ማኑዋል ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
tesseract page.png out -l eng --psm 6 -c preserve_interword_spaces=1
```

ቁጥር 6 ገጹን እንደ አንድ ወጥ ጽሑፍ ቆጥሮ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር እንዲያነብ ያዝዘዋል። የመጨረሻው ክፍል በዓምዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይጠብቃል። ይህ ካልተደረገ ሶፍትዌሩ መንስኤዎቹን በሙሉ፣ ቀጥሎም መፍትሔዎቹን በሙሉ ለየብቻ ሊደረድራቸው ይችላል። ዋናው አደጋም የሚመጣው ከዚህ ነው።

የተሳሳተ ፊደል ሲነበብ ዓይን ይጎረብጣል፤ ወዲያው ይታረማል። ከማይመለከተው መንስኤ ጎን የተቀመጠ መፍትሔ ግን ምንም እንከን ሳይታይበት ይነበባል። አንድ ገጽ ወስደን እንየው። «ውሃ አይወጣም» በሚለው ምልክት ሥር አምስት መንስኤዎች ተዘርዝረዋል እንበል፤ መፍትሔዎቹ ግን አራት ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው መንስኤ በቅንፍ ታስረው አንድ መፍትሔ ይጋራሉ። ሶፍትዌሩ ቅንፉን አያውቀውም። በተራ ቁጥር ከተጣመሩ፣ ከተደፈነው ወንፊት ጎን «ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርብ» የሚል ይመጣል፤ የአምስተኛው መንስኤ መፍትሔ ባዶ ይቀራል። ገበሬው ፓምፑን ያንቀሳቅሳል፣ ውሃ አይመጣም፣ ሞተሩም መዞሩን ይቀጥላል። ውሃ ሳይኖረው የሚዞር ፓምፕ ደግሞ ውስጡ ያለው ማሸጊያ ጎሚኒ ግሎ ይቃጠላል።

መከላከያው መቁጠር ነው። ከማጣመር በፊት በዋናው ገጽ ላይ ስንት መንስኤ፣ ስንት መፍትሔ እንዳለ ይቆጠራል። ካልተመጣጠኑ የትኛው መፍትሔ የጋራ እንደሆነ ሥዕሉን አይቶ መወሰን የሰው ሥራ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ መንስኤ የራሱን ረድፍ ይይዛል፤ ምልክቱና የጋራው መፍትሔም በየረድፉ ተደግመው ይጻፋሉ፦

| ምልክት | መንስኤ | መፍትሔ | ገጽ |
|---|---|---|---|
| ውሃ አይወጣም | ፓምፑ ውሃ አልተሞላም | ሞተሩን አጥፍተህ ሙላ | 31 |
| ውሃ አይወጣም | መሳቢያ ቱቦው አየር ያስገባል | ማሰሪያውን አጥብቅ ወይም ቱቦውን ቀይር | 31 |
| ውሃ አይወጣም | ወንፊቱ ከውሃ በላይ ነው | ወንፊቱን አጽድተህ ውሃ ውስጥ አስገባ | 31 |
| ውሃ አይወጣም | ወንፊቱ ተደፍኗል | ወንፊቱን አጽድተህ ውሃ ውስጥ አስገባ | 31 |
| ውሃ አይወጣም | ፓምፑ ከውሃው በጣም ከፍ ብሏል | ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርብ | 31 |

የገጽ ቁጥሩ የተጠራጠረ ሰው ወደ ዋናው ጽሑፍ እንዲመለስ ያስችለዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ለቁጥሮች ነው። በደበዘዘ ስካን ላይ ነጥብ በቀላሉ ይጠፋል። የካንዴላ ክፍተት 0.7 ሚሊ ሜትር የነበረው 07 ወይም 7 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። 7 ሚሊ ሜትር ለካንዴላ የማይሆን እንደሆነ ሜካኒክ ወዲያው ያውቃል፤ ሰንጠረዡን የሚያዘጋጀው ሰው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቁጥር ያለበት ረድፍ ሁሉ ከሥዕሉ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል።

በትክክል የተነበበ ቁጥርም ለቦታው ላይስማማ ይችላል። የብዙ ትናንሽ ፓምፖች ማኑዋል ፓምፑ ከውሃው እስከ 8 ሜትር ከፍ ብሎ መሳብ ይችላል ይላል። ይህ ልክ በባሕር ጠለል ላለ ቦታ ነው። ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ሲሆን፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከዚህ ልክ 2 ሜትር ያህል ይጎድላል። በደጋ የሚሠራ ሰው ከ6 ሜትር በላይ ባይጠብቅ ይሻላል። ይህ ግን በማኑዋሉ ቁጥር ላይ ተሰርዞ አይጻፍም፤ «ማስታወሻ» በሚል ለብቻው ዓምድ ይቀመጣል። አምራቹ ያለውና አዘጋጁ የጨመረው ከተደባለቁ ነገ ማንም ሊለያቸው አይችልም።

ሰንጠረዡ ለሜካኒክ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዱ ከዋናው ገጽ ያንብብ፣ ሌላው ከሰንጠረዡ ይከተል። ይህ ያልተደረገለት ሰንጠረዥ ረቂቅ ነው፤ ማንም ማሽን ሊፈታበት አይገባም።