የተነገረው ግብና የተፈለገው ግብ ሲለያዩ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የዓላማ መጣጣም ችግር

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው የተሰጠውን ግብ ተከትሎ ነው። በጽሑፍ ወይም በቁጥር የተሰጠው ግብ ተቋሙ በእርግጥ ከሚፈልገው ውጤት ጋር አንድ ካልሆነ፣ ሥርዓቱ የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ያልተፈለገ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል። በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ ይህ ክፍተት የዓላማ መጣጣም ችግር ይባላል።

የምንፈልገውን ነገር መናገር ቀላል መስሎ ይታያል። ቀላል አለመሆኑን በግልጽ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ በአሜሪካ የጤና አገልግሎት ውስጥ የተገኘው ነው። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2019 ዚያድ ኦበርማየር እና ባልደረቦቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ለሕዝብ ቀርቧል።

ሥርዓቱ ምን እንዲሠራ ታስቦ ነበር?

በአሜሪካ የሚገኙ በርካታ ሆስፒታሎች ከባድ የጤና ችግር ላለባቸው ታካሚዎች ልዩ የክትትል ፕሮግራም አላቸው። ወደ ፕሮግራሙ የገባ ታካሚ የሚከታተለው ነርስ ይመደብለታል፤ የሐኪም ቀጠሮም በቶሎ ያገኛል። የፕሮግራሙ ቦታ ውስን በመሆኑ ከብዙ ሺህ ታካሚዎች መካከል እርዳታው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውን መለየት ግድ ይላል።

ይህን ልየታ እንዲያግዝ ለእያንዳንዱ ታካሚ ነጥብ የሚሰጥ ስልተ ቀመር ሥራ ላይ ዋለ። በጥናቱ በታየው ሆስፒታል፣ በነጥብ ከፍተኛውን ደረጃ የያዙት 3 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ታካሚዎች በቀጥታ ለፕሮግራሙ ይታጫሉ። መካከለኛ ነጥብ ያላቸው ደግሞ ሐኪማቸው አይቶ እንዲወስን ስማቸው ይተላለፋል።

የተፈለገው ነገር ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ይበልጥ የታመመውን ሰው ማግኘት ነው። ይሁንና ኮምፒዩተር «ይበልጥ የታመመ» የሚለውን ሐረግ በቀጥታ አይረዳም። የሚተነብየው አንድ የተመዘገበ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። የተመረጠው ቁጥርም ታካሚው በሚቀጥለው ዓመት የሚያስወጣው የሕክምና ወጪ ነበር።

ምርጫው ለምን ምክንያታዊ መሰለ?

ወጪ በመድን ድርጅቶች መዝገብ ላይ በገንዘብ መጠን ተጽፎ ይገኛል፤ ለሁሉም ታካሚ በአንድ መለኪያ ይሰላል። በጠና የታመመ ሰው ብዙ ሕክምና ስለሚያገኝ፣ ብዙ ወጪም ስለሚያስከትል፣ ወጪና ሕመም አብረው ይሄዳሉ። በዚህም ምክንያት ወጪ የሕመም ወካይ መለኪያ ሆኖ ተወሰደ።

ችግሩ ወጪ የሚመዘገበው ሰው ሲታመም ሳይሆን ሲታከም መሆኑ ነው። ሕመም እያለበት ወደ ሆስፒታል መሄጃ መጓጓዣ ያጣ፣ ከሥራው ፈቃድ ያላገኘ ወይም በጤና ተቋማት ላይ ያለው እምነት የሳሳ ሰው በመዝገቡ ላይ አነስተኛ ወጪ ይኖረዋል። በአሜሪካ እነዚህ እንቅፋቶች ጥቁር ታካሚዎችን ይበልጥ ይነኩ ነበር። በተመሳሳይ የሕመም ደረጃ ላይ ከሚገኙ ነጭ ታካሚዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የጥቁር ታካሚዎች ዓመታዊ ወጪ በአማካይ በ1,800 ዶላር ገደማ ያንስ እንደነበር ጥናቱ አመልክቷል።

ስልተ ቀመሩ የታካሚውን ዘር የሚገልጽ መረጃ አልተሰጠውም ነበር። ሆኖም አነስተኛ ወጪን እንደ አነስተኛ ሕመም በመቁጠሩ፣ በመዝገቡ ውስጥ የነበረው የአገልግሎት ልዩነት ወደ ነጥቡ ተሻገረ። በቀጥታ ለመታጨት የሚያበቃው ነጥብ ላይ የሚገኙ ጥቁር ታካሚዎች በአማካይ 4.8 ሥር የሰደዱ ሕመሞች ሲኖሩባቸው፣ እኩል ነጥብ የነበራቸው ነጭ ታካሚዎች ግን 3.8 ነበራቸው። በሌላ አገላለጽ፣ አንድ ጥቁር ታካሚ እኩል ነጥብ ለማግኘት ይበልጥ መታመም ነበረበት።

ስህተቱ ለምን ሳይታይ ቆየ?

ሥርዓቱ በተሰጠው ግብ ሲመዘን ጉድለት አልነበረበትም። የጥቁርንም ሆነ የነጭ ታካሚዎችን ወጪ በተቀራራቢ ትክክለኛነት ይተነብይ ነበር። ስለሆነም «ትንበያው ከወጪው ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ የሚያገኘው መልስ «አዎን» የሚል ነው።

ጉድለቱ የተገለጠው ተመራማሪዎቹ ሌላ ጥያቄ በማንሳታቸው ነው። እኩል ነጥብ ያገኙ ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የደም ግፊታቸውን፣ የስኳር ሕመማቸውን ሁኔታና ሥር የሰደዱ ሕመሞቻቸውን ብዛት አነጻጸሩ። መለኪያቸው የተነገረው ግብ ሳይሆን በመጀመሪያ የተፈለገው ነገር ነበር።

ግቡን በሌላ ቃል መናገር

ተመራማሪዎቹ ቀጥለው በዚያው መረጃ ሦስት የተለያዩ ግቦችን ሞከሩ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ወጪ፣ ሁለተኛው ሊወገድ ይችል የነበረ ወጪ፣ ለምሳሌ የድንገተኛ ክፍል ሕክምና፣ ሦስተኛው ደግሞ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ብዛት ነው። ጠቅላላ ወጪ ግብ ሲሆን፣ ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት መካከል የጥቁር ታካሚዎች ድርሻ 14.1 በመቶ ነበር። የሕመሞች ብዛት ግብ ሲሆን ድርሻው ወደ 26.7 በመቶ ከፍ አለ። የተለወጠው እንዲተነበይ የታዘዘው ነገር ብቻ ነው።

የሥርዓቱ አምራች ኩባንያም በራሱ ሰፊ መረጃ ላይ ግኝቱን አረጋገጠ። ከተመራማሪዎቹ ጋር በመተባበር የጤና ሁኔታንና ወጪን ያጣመረ ግብ ሲሞከር፣ በሙከራው ላይ ልዩነቱ በ84 በመቶ ቀነሰ።

ይህም ቢሆን የመጨረሻ መልስ አይደለም። ሥር የሰደደ ሕመም ተብሎ የሚቆጠረው በሐኪም ታይቶ የተመዘገበው ብቻ ነው። ሕመሙ ሳይመረመር የቀረ ሰው በአዲሱ መለኪያም አይታይም። የትኛውም ወካይ መለኪያ ከተፈለገው ነገር የሚለይበት ቦታ ይኖረዋል፤ ቦታው የት እንደሆነና ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን ከመለኪያ መለኪያ ይለያል።

የሥርዓቱ አቅም ሲጨምርስ?

የበለጠ መረጃና የበለጠ የማስላት አቅም ይህን ችግር በራሱ አይፈታውም። ከላይ የተጠቀሰው ስልተ ቀመር አቅሙ ቢጨመር ወጪን ይበልጥ አጥርቶ ይተነብይ ነበር እንጂ ሕመምን መፈለግ አይጀምርም።

ነጥብ ከመስጠት አልፎ እርምጃ የሚወስድ ሥርዓት ሲሆን ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ቀጠሮ የመመደብ ሥልጣን የተሰጠው ሥርዓት «ወጪ ቀንስ» ተብሎ ቢታዘዝ፣ ቀጠሮን ማራዘም ከታዘዘው ግብ ጋር አይጋጭም፤ ሕክምና ያላገኘ ሰው ወጪ የለውምና። «ቀጠሮ አታራዝም» የሚል ክልከላ ቢጨመር፣ ተገልጋዩን ወደ ሩቅ ጣቢያ መላክ ያልተከለከለ ሌላ መንገድ ይሆናል። የሰው ሠራተኛ ያልተነገረውን ከልማድና ከኅሊና ይሞላል፤ ሥርዓቱ ግን የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1960 በዚያው ሳይንስ መጽሔት ላይ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ከጀመረ ማቆም ለሚያዳግት ማሽን የሚሰጠው ዓላማ በእርግጥ የምንፈልገው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል ብሏል።

ተገልጋዮች ሊጠይቁ የሚገባቸው

አንድ የአገልግሎት ውሳኔ በኮምፒዩተር ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ሲሰጥ፣ የሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ክፍተቱን ለመለየት ያግዛሉ፦

1. ነጥቡ የሚለካው ወይም የሚተነብየው በትክክል ምንድን ነው? «ፍላጎት» ወይም «ተጋላጭነት» የሚል መልስ በቂ አይደለም፤ ከጀርባው ያለው የተመዘገበ ቁጥር መነገር አለበት።
2. አገልግሎቱ እያስፈለገው በዚያ ቁጥር የማይታይ ሰው ማን ነው?
3. እኩል ነጥብ ያገኙ ሰዎች እውነተኛ ሁኔታቸውም እኩል መሆኑ ተመርምሯል? የመረመረውስ ማን ነው?