ዜሮ ሰባት መቶ ስንት ሰዓት ነው?

አንድ ባልንጀራችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ቲኬቱን ተቀበለ። «ማክሰኞ 0030» ይላል። አስልቶም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል መሆኑን ደረሰበት። ማክሰኞ ማታ ዘመድ አዝማድ ሸኝቶት በ4 ሰዓት ከአውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። አውሮፕላኑ ግን ከተነሣ 21 ሰዓት ተኩል ሆኖት ነበር። እናቱ ያዘጋጁለትን ስንቅ ያን ሌሊት እኛው በላነው።

ባልንጀራችን ሰዓቱን አልሳተም፤ የሳተው ቀኑን ነው። ነገሩን ከመሠረቱ እንየው።

በአራት አኃዝ በሚጻፈው አቆጣጠር የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ሰዓቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደቂቃውን ያመለክታሉ። 0700 «ዜሮ ሰባት መቶ» ተብሎ ቢነበብም መቶ የሚባል ነገር የለበትም፤ ከ0659 አንድ ደቂቃ በኋላ 0700 እንጂ 0660 አይመጣም። ቆጠራው የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ግን ከንጋትና ከምሽት ስለሚነሣ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ0700 ላይ 6 ስንቀንስ ከጧቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ከ1900 ጀምሮ ያለውን 18 ብንቀንስለት የምሽቱን ሰዓት እናገኛለን፤ 1900 ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከ0000 እስከ 0559 ላለው ደግሞ 6 እንጨምራለን። ባልንጀራችንም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ዳሩ ግን በዚህ አቆጣጠር 2359 ካለፈ የቀኑ ስም ወዲያው ይለወጣል። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት» ስንል ማክሰኞ መሽቶ የሚመጣውን ሌሊት እናስባለን። «ማክሰኞ 0030» ግን ማክሰኞ ከመንጋቱ በፊት ያለው ሌሊት ነው። ለዚህ ቋንቋችን የራሱ አነጋገር አለው፤ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ይባላል። ቲኬቱ በእጁ የገባ ሰው ከ0600 በታች የሆነ ቁጥር ባየ ጊዜ በእርሳስ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ተኩል» ብሎ ቢጽፍበት ሰኞ ማታ ከማረፊያው ይገኛል።

በተረኞች ዝርዝር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል። «ሰኞ 2200–0600» የተባለ ተረኛ ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ይወጣል፤ 8 ሰዓት ሠራ ማለት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጸሐፊ የአገራችንን ሰዓት በአራት አኃዝ ይጽፋል። ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት 0200 ያደርገዋል። ይህን ለመለየት ዝርዝሩን እስከ ታች ማየት ነው። ከ1300 ጀምሮ ያለ ቁጥር ከተገኘበት ቆጠራው ከእኩለ ሌሊት የተነሣ ነው። የቀን ሠራተኞች መግቢያ 0200 ሆኖ ከ1200 የሚበልጥ ከሌለበት ግን ጸሐፊው የጻፈው የእኛን ሰዓት ሳይሆን አይቀርምና፣ ሌሊት ከመኝታ ከመነሣት በፊት ጸሐፊውን መጠየቅ ነው።