ሁለት ጊዜ የተጎተተ ጠርሙስ

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም ላይ የገጸ ባሕሪው ቦርሳ በትንንሽ ሳጥኖች የተከፈለ ነው። ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ 10 የፈውስ ጠርሙሶች አሉ እንበል። ተጫዋቹ በማውስ ይዞ ወደ ሰባተኛው ይጎትታቸዋል። ኔትወርኩ ዘገምተኛ ስለሆነ ጠርሙሶቹ ለጊዜው ሦስተኛው ላይ እንዳሉ ይታያሉ። ተጫዋቹ ትዕግሥት የለውም፤ እንደገና ይዞ ወደ ስምንተኛው ይጎትታል። ቦርሳው ሲታደስ ሰባተኛውም ስምንተኛውም ላይ አሥር አሥር ጠርሙስ ተቀምጧል።

ጥፋቱ ያለው ሰርቨሩ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲደርሰው ሦስተኛውን ሳጥን ያያል፤ 10 አለ። ዝውውሩን እንዲመዘግብ ለዳታቤዙ ይልክና መልሱን ሲጠብቅ ሥራ አይፈታም፣ ሁለተኛውን ትእዛዝ ያነሳል። እንደገና ሦስተኛውን ያያል፤ ገና ስላልተነካ አሁንም 10 አለ። ሁለቱም ትእዛዞች ፍተሻውን አለፉ ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ሰባተኛውን ሞልቶ ሦስተኛውን ባዶ ያደርጋል፣ ሌላው ስምንተኛውን ሞልቶ ያንኑ ሦስተኛ ባዶ ያደርጋል። ባዶ ሳጥንን ባዶ ማድረግ ስሕተት ተብሎ አይመዘገብም። ነገሩ ሳይታወቅ የሚቆየውም በዚህ ነው።

ፕሮግራመሩ በራሱ ኮምፒውተር ሲሞክረው ላይደርስበት ይችላል፤ ጌሙና ሰርቨሩ አንድ ማሽን ላይ ስለሆኑ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ዳታቤዙ ሆን ተብሎ 200 ሚሊሰከንድ እንዲዘገይ ሲደረግ ግን ችግሩ ራሱን ያጋልጣል። አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፦ ተጫዋቹ ወጥቶ ሲመለስ ትርፉ ከጠፋ ስክሪኑ ላይ የቀረ ጥላ ነበር፤ ካልጠፋ በእርግጥ ተባዝቷል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው ዲያብሎ፣ ገጸ ባሕሪው መሬት ላይ ያለ ዕቃ ሊያነሳ በደረሰባት ቅጽበት ተጫዋቹ ቀበቶው ላይ ያለ ጠርሙስ ጠቅ ካደረገ ጠርሙሱ የዚያ ዕቃ ቅጂ ይሆን ነበር። ዲያብሎ 2 ላይ የኦንላይን ገጸ ባሕርያት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ተወሰዱ፤ ማባዛቱ ግን እዚያም አልቀረም።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት መድኃኒት ማውሱን ማዘግየት ነው። እኔ አላምንበትም፤ የተነካካ ጌም ያለ ማውስም ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መላክ ይችላል። የሚሠራው ማየቱንና መጻፉን አንድ የማይነጠል ሥራ ማድረግ ነው። ቦርሳው የተራ ቁጥር ይኑረው፤ ትእዛዙ «ቦርሳው 41 ላይ ሳለ አዛውር» ይበል፤ የመጀመሪያው ሲፈጸም ቁጥሩ 42 ይሆናል፣ ሁለተኛው 41 ይዞ ሲመጣ ውድቅ ይደረጋል።

የሚያስቸግረው ቀድሞ የተባዛውን መልቀም ነው። ሰይፍ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥር ሲገኝ አንዱ ቅጂ ነው። ጠርሙሶች ግን ይደባለቃሉ፣ ይከፈላሉ፣ ይሸጣሉ። ለእነሱ ያለው አማራጭ የዝውውሩን መዝገብ ወደኋላ እያነበቡ፣ ከአንድ ሳጥን ከገባው በላይ የወጣበትን ሰዓት መፈለግ ነው።