ሃላንድ ወይስ ፓልመር? ደረጃውን የሚወስነው ክብደት

በ2023/24 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ኤርሊንግ ሃላንድ 27 ግብ አስቆጥሮ 5 ግብ የሆኑ ኳሶችን አቀበለ። ኮል ፓልመር 22 አስቆጥሮ 11 አቀበለ። ኦሊ ዋትኪንስ 19 እና 13፣ ፊል ፎደን 19 እና 8፣ አሌክሳንደር ኢሳክ 21 እና 2 አላቸው። ከአምስቱ ማን በለጠ? ብዙዎቻችን ሁለቱን ቁጥር እንደምርና ፓልመርን በ33 እናስቀድማለን፤ ሃላንድና ዋትኪንስ በ32 እኩል ይከተሉታል።

ይህ ድምር ለማንም ያላደላ ይመስላል፤ ግን ያደላል። አምስቱ በግብ ተቀራራቢ ናቸው፤ በማቀበል ግን ከ2 እስከ 13 ተራርቀዋል። ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ደግሞ ደረጃውን ይበልጥ የሚወስነው የተራራቀው ነው። ስለዚህ ደማሪው ሳያስበው ለማቀበል የበለጠ ክብደት ሰጥቷል።

መፍትሔው ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ መለኪያ ማምጣት ነው። በግብ የአምስቱ አማካይ 21.6 ነው። ተጫዋቾቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ 2.94 ይሆናል። የሃላንድ 27 ከአማካዩ በ5.4 ይበልጣል፤ ይህን ለ2.94 ብናካፍለው 1.84 እናገኛለን። በማቀበል አማካዩ 7.8፣ ዴቪዬሽኑ 3.97 ስለሆነ የእሱ 5 ወደ -0.71 ይወርዳል። ፓልመር በተመሳሳይ ስሌት በግብ 0.14፣ በማቀበል 0.81 ያገኛል።

አሁን ለሁለቱ እኩል ክብደት ብንሰጥ ሃላንድ 0.57፣ ፓልመር 0.47፣ ዋትኪንስ 0.21 ይሆናሉ። በድምር ሁለተኛ የነበረው አንደኛ ወጣ። ለግብ 70 በመቶ ብንሰጥ ሃላንድ በ1.07 ርቆ ይመራል። ለግብ 40 በመቶ ብቻ ብንሰጥ ግን ፓልመር በ0.54 ይቀድማል፣ ዋትኪንስ በ0.43 ይከተላል፣ ሃላንድም ሦስተኛ ይሆናል። መሪው የሚለወጠው የግብ ክብደት 47 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ለእኔ ከደረጃው ይልቅ ይህች መስመር ትበልጣለች፤ ክርክሩ በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆመ የምታሳየው እሷ ናትና። ክብደቱ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት መወሰን ያለበትም ለዚህ ነው፤ አለዚያ ሰው የወደደውን ተጫዋች የሚያስቀድመውን ክብደት መርጦ ያስቀምጣል።

ስሌቱ የገባለትን ቁጥር እንጂ ሌላ አያይም። ከፓልመር 22 ግቦች 9ኙ በፍጹም ቅጣት ምት የተገኙ ናቸው፤ እነሱን ለይቶ መቁጠር ከፈለግን ከስሌቱ በፊት ነው። ሃላንድ በ31፣ ዋትኪንስ በ37 ጨዋታ ስለተሰለፉም ቁጥሩን በ90 ደቂቃ መመጠን ይሻላል። ያን ጊዜ ግን በጥቂት ደቂቃ ሁለት ግብ ያገባ ተቀያሪ አናት ላይ እንዳይወጣ ዝቅተኛ የደቂቃ ገደብ ያስፈልጋል። ግብ ላይ የተመታ ኳስን እንደ ሦስተኛ መለኪያ መጨመርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ የሚመታ ብዙ ስለሚያገባ አንዱ ችሎታ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።