ድረ ገጽን በዋቢነት ማቆየት

በመመረቂያ ጽሑፍ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ የሚጻፍ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠቁመው ቦታን እንጂ ይዘትን አይደለም። መጽሐፍ አንዴ ከታተመ 45ኛው ገጹ ያው 45ኛ ገጽ ነው፤ በድረ ገጽ አድራሻ ሥር የሚገኘውን ጽሑፍ ግን ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊያነሣው ወይም ሊለውጠው ይችላል። ጆናታን ዚትሬን፣ ኬንድራ አልበርት እና ላውረንስ ሌሲግ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት አድራሻዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያ የተጠቀሰውን ጽሑፍ እንደማያሳዩ አመልክተዋል።

ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ገጹ ፈጽሞ መጥፋቱ ነው፤ አንባቢው «404» የሚል መልእክት ያያል፣ ችግር መኖሩንም ወዲያው ያውቃል። ሁለተኛው ድምፅ ስለሌለው ይከፋል። ስለ ቡና ገበያ የሚጽፍ ተማሪ የሳምንቱን ዋጋ የሚያሳይ ገጽ ጠቀሰ እንበል። በቀጣዩ ሳምንት አድራሻው እንደወትሮው ይከፈታል፣ ርዕሱም ያው ነው፤ በሰንጠረዡ ያሉት ቁጥሮች ግን ሌሎች ናቸው። ጽሑፉን የሚገመግም መምህር አድራሻውን ከፍቶ ሲያመሳክር፣ ተማሪው በትክክል የገለበጠው ቁጥር የተሳሳተ ወይም የተፈጠረ ይመስለዋል። ስለዚህ ገጽ የሚቀመጠው በተነበበበት ቀን ነው። ጽሑፉ ሊገባ ሲል አድራሻዎቹን ሰብስቦ ማስቀመጥ ብዙዎች የሚያደርጉት ቢሆንም፣ ያኔ የሚቀመጠው ተማሪው ያነበበው ገጽ ላይሆን ይችላል።

ለማስቀመጥ በሰፊው የሚያገለግለው የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ነው። `web.archive.org/save` በሚለው ገጽ ላይ የሚፈለገው አድራሻ ተለጥፎ ሲላክ፣ አገልግሎቱ የገጹን ቅጂ ወስዶ አዲስ አድራሻ ይሰጣል። የቡናው ገጽ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቢቀመጥ፣ የሚገኘው አድራሻ ይህን ይመስላል፦

```
https://web.archive.org/web/20240312133000/https://example.org/buna/waga
```

በመካከሉ ያሉት 14 አሃዞች ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ እና ሰከንድ ናቸው። አቆጣጠሩ የፈረንጆች ነው፤ ሰዓቱም ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደኋላ የሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተቀመጠ ገጽ በአድራሻው ውስጥ ያለፈውን ቀን ይዞ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። በዋቢው ላይ የሚጻፈው «የታየበት ቀን» በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.»፣ በፈረንጆች ከሆነ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት ግድ ይላል፤ አለዚያ አንባቢው በሁለቱ ቀኖች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያያል።

አድራሻ መገኘቱ ብቻ ገጹ በትክክል ተቀምጧል ማለት አይደለም። ቅጂውን ከፍቶ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር ወይም ቁጥር በውስጡ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ገጹ ከተከፈተ በኋላ በጃቫስክሪፕት የሚሣሉ ሰንጠረዦች አንዳንዴ በቅጂው ላይ ባዶ ሆነው ይቀራሉ፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ከሆነም የሚቀመጠው የመግቢያ ቅጹ ብቻ ነው። በገጹ ላይ የተያያዘ ፒዲኤፍ ካለ የፒዲኤፉን አድራሻ ለብቻው ማስቀመጥ ይገባል። ማኅደሩም ቢሆን ከአደጋ የራቀ አይደለም፤ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ተማሪው ገጹን በራሱ ኮምፒውተር ላይም በፒዲኤፍ ቢያስቀር፣ በዋቢው ላይም የመጀመሪያውን አድራሻና የማኅደሩን አድራሻ ጎን ለጎን ቢጽፍ ይሻላል። የመጀመሪያው የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ያሳያል፤ ሁለተኛው በዚያ ቀን ምን ተጽፎ እንደነበር ያስረዳል።

በጆርናል የታተመ ጽሑፍ ሲጠቀስ ሌላ መንገድ አለ። አብዛኞቹ ጆርናሎች ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ዲኦአይ የተባለ ቋሚ መለያ ያስመዘግባሉ። ለምሳሌ ማርቲን ክላይን እና ባልደረቦቹ ስለዚሁ ስለ ዋቢዎች መጥፋት በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት `https://doi.org/10.1371/journal.pone.0115253` በሚለው ይገኛል። ጆርናሉ ድረ ገጹን ቢያዛውር አሳታሚው አዲሱን ቦታ በመዝገቡ ላይ ያስተካክላል፤ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የታተመው አድራሻ ግን አይነካም። ይህ የሚሠራው አሳታሚው መዝገቡን እስካደሰ ድረስ ነው።

ቋሚ የሚመስል አድራሻ ሁሉ ግን ቋሚ አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎቻቸውን ጽሑፎች የሚያኖሩት ዲስፔስ በተባለ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በአድራሻዎቹ ውስጥ `handle/123456789/` የሚል ክፍል አዘውትሮ ይታያል። ይህ ቁጥር ሶፍትዌሩ ሲጫን አብሮት የሚመጣ መነሻ ነው፤ ተቋሙ የራሱን ቁጥር በዓለም አቀፉ መዝገብ እንዳላስመዘገበ ያመለክታል። ዩኒቨርሲቲው ሰርቨሩን ወይም የድረ ገጹን ስም ሲቀይር እንዲህ ያለውን አድራሻ ወደ አዲሱ ቦታ የሚመራ መዝገብ የለም። ስለዚህ ይህን ቁጥር የያዘ አድራሻ እንደማንኛውም ተራ ገጽ በማኅደር መቀመጥ አለበት።